65.5 ነው ወይስ 31.2? ሳቹሬትድ ሶሉሽን ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ክሪስታል

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት። ወርክሺት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ፦ በ60 ዲግሪ ሳቹሬትድ የሆነ 84 ግራም የፖታሲየም ናይትሬት ሶሉሽን ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ስንት ግራም ክሪስታል ይወጣል? ከሶሉብሊቲ ከርቩ ላይ 60 ዲግሪ ጋ 110፣ 20 ዲግሪ ጋ 32 አነበብኩ። ቀነስኩት 78 መጣ። ከርቩ ለ100 ግራም ስለሆነ 78 ሲባዛ 84 ሲካፈል 100 ብዬ 65.5 አገኘሁ። ጓደኞቼም 65.5 ነው ያገኙት። መልሱ ግን 31.2 ነው ይላል። መልሱ ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ? መምህሩን ደግሞ ክፍል ውስጥ መጠየቅ ፈራሁ።

መልስ፦ ሰላም ልጄ፣ መልሱ 31.2 ነው፣ ወርክሺቱ አልተሳሳተም። ንባብሽም ግን ልክ ነው፣ 110ም 32ም ጥሩ ነው ያነበብሽው፣ መቀነሱም ልክ ነው፣ ስህተቱ ያለው 100 ብለሽ ያካፈልሽባት አንዷ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እሷን ቦታ ቀስ ብለን እንያት፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ በየፈተናው ቁጥሩን እየቀያየረ ይመጣል፣ ተማሪ የሚወድቀውም ሁሌ እዚችው ጋ ነው።

መጀመሪያ ፎርሙላ ሳንነካ ያንቺን መልስ ራሱን እንፈትነው። 84 ግራም ሶሉሽን ማለት ውሃውም ጨውም አንድ ላይ ተመዝኖ 84 ግራም ማለት ነው አይደል? ከዚህ ውስጥ 65.5 ግራም ክሪስታል ከወጣ ቢከሩ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ 18.5 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ይሄ ሊሆን ይችላል ወይ? በ60 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 110 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ነው የሚይዘው፣ ማለትም ሶሉሽኑ ውስጥ ውሃውና ጨው ከሞላ ጎደል ግማሽ በግማሽ ናቸው፣ ጨው ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ከ84 ግራሙ ውስጥ ጨው ቢበዛ ቢበዛ 44 አካባቢ ነው። ቢከሩ ውስጥ ጠቅላላ 44 ግራም ጨው እያለ 65.5 ግራም ጨው ከየት ይመጣል? ይቺን ማጣሪያ ያዣት፣ የሚወጣው ክሪስታል መጀመሪያ ከሟሟው ጨው በጭራሽ ሊበልጥ አይችልም፣ ከበለጠ የሆነ ቦታ ውሃና ሶሉሽን ተምታቷል ማለት ነው።

አሁን ከርቩ ጋ እንምጣ። የቆመው መስመር፣ የዋይ አክሲሱ ላይ የተጻፈውን ደግመሽ አንብቢው፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈውና ተማሪ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፈዋል። እዛ ላይ ያለው ግራም ጨው በ100 ግራም ውሃ ነው። በ100 ግራም ውሃ! በ100 ግራም ሶሉሽን አይደለም። ስለዚህ 60 ዲግሪ ጋ 110 ብለሽ ስታነቢ ከርቩ የሚነግርሽ 100 ግራም ውሃ ወስደሽ 110 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ብትጨምሪበት ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ልክ ይሞላል፣ ከዛ በላይ አይወስድም ነው። ያ ሶሉሽን ሚዛን ላይ ቢወጣ ስንት ይመዝናል? 100 ሲደመር 110፣ 210 ግራም። ይሄ 210 ነው ያንቺ ስሌት ውስጥ የጎደለው ቁጥር።

ያ 210 ግራም ሶሉሽን ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል? ውሃው የትም አልሄደም፣ 100 ግራም እንደሆነ ነው። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ መያዝ የሚችለው 32 ግራም ነው፣ ስለዚህ የተረፈው 78 ግራም ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል። እንግዲህ 78ቱ የወጣው ከ210 ግራም ሶሉሽን ነው፣ ከ100 ግራም ሶሉሽን አይደለም። አንቺ የያዝሽው 84 ግራም ሶሉሽን ነው፣ ሶሉሽንን ከሶሉሽን ጋ ማወዳደር አለብሽ፦

78 × 84 ÷ 210 = 31.2 ግራም

አለቀ። ግን ይሄን አጭር መንገድ ብቻ ይዘሽ እንድትሄጂ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ትንሽ ሲጣመም አጭሩ መንገድ ይጥልሻል። ረጅሙ መንገድ ውሃውን ተከትሎ መሄድ ነው። ሲቀዘቅዝ ጨው ከሶሉሽን ወደ ክሪስታል ይሄዳል፣ የሶሉሽኑ ክብደት ይቀንሳል፣ ቴምፕሬቸሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ነገር ይቀያየራል፣ የማይቀየረው ውሃው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ሌላ ምንም ከመስራትሽ በፊት ውሃው ስንት ግራም ነው ብለሽ ጠይቂ።

ያንቺ ጥያቄ ላይ እናድርገው። 210 ግራም ሶሉሽን ውስጥ 100 ግራም ውሃ ካለ 84 ግራም ሶሉሽን ውስጥ 84 × 100 ÷ 210 ማለትም 40 ግራም ውሃ አለ። የቀረው 44 ግራም ጨው ነው። አሁን ውሃው በእጅሽ ገባ፣ 40 ግራም። ይሄ 40 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ስንት ይይዛል? ለ100 ግራም 32 ከሆነ ለ40 ግራም 12.8 ነው። መጀመሪያ የነበረው 44፣ አሁን ሟሙቶ መቆየት የሚችለው 12.8፣ ልዩነቱ 31.2። ያው ቁጥር መጣ፣ ግን አሁን ቢከሩ ውስጥ እያንዳንዱ ግራም የት እንዳለ ታውቂያለሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደምረሽ አረጋግጪ፦ 40 ውሃ፣ 12.8 ሟሙቶ የቀረ ጨው፣ 31.2 ክሪስታል፣ ድምሩ 84። ድምሩ መጀመሪያ ከተሰጠሽ ክብደት ጋ ካልገጠመ ወደኋላ ተመለሺ። ይሄ ድምር ወረቀት ላይ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ኢንትራንስ ላይ እንኳን ጊዜ የለኝም ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በይ ደግሞ፣ ያንቺ 65.5 ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። ጥያቄው 84 ግራም ውሃ በ60 ዲግሪ ሳቹሬትድ ተደርጎ ወደ 20 ቢቀዘቅዝ ቢል ኖሮ 78 × 84 ÷ 100 ብለሽ 65.5 ማለትሽ ልክ ነበር። የሁለቱ ጥያቄ ልዩነት አንድ ቃል ናት፣ ውሃ ወይስ ሶሉሽን። ጓደኞችሽም አንድ ዓይነት መልስ ያመጡት ለዚህ ነው፣ ሁላችሁም 84ቱን እንደ ውሃ አያችሁት። ስለዚህ ጥያቄው ላይ የተሰጠው ክብደት የምን እንደሆነ በእስክሪብቶ ክበቢው፣ ውሃ ከሆነ በ100 ታካፍያለሽ፣ ሳቹሬትድ ሶሉሽን ከሆነ በ100 ሲደመር ከላይኛው ቴምፕሬቸር ላይ ባነበብሽው ቁጥር ታካፍያለሽ። የላይኛው ነው ያልኩት፣ የታችኛው አይደለም! 132 ብለው የሚያካፍሉ ልጆች አሉ፣ 132 ግን 20 ዲግሪ ላይ ሳቹሬትድ የሆነ ሶሉሽን ክብደት ነው፣ የተሰጠን 84 ግራም ደግሞ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ገና ትኩስ እያለ የተመዘነ ነው።

አሁን አጭሩ መንገድ የት እንደሚጥልሽ ላሳይሽ። ጥያቄው ሳቹሬትድ የሚለውን ቃል ካላለስ? ለምሳሌ 40 ግራም ውሃ ውስጥ 20 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ60 ዲግሪ ሟሙቶ ወደ 20 ቢቀዘቅዝ እንበል። እዚህ 110 የሚባል ቁጥር ምንም አያገባውም፣ ምክንያቱም ውሃው ገና አልጠገበም፣ 44 መያዝ ሲችል 20 ብቻ ነው የተሰጠው። 78ን ይዘሽ ከገባሽ ያለቀልሽ ነው። ውሃውን ከተከተልሽ ግን ምንም አይከብድም፦ ውሃው 40፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 12.8፣ የነበረው 20፣ የሚወጣው 7.2 ግራም።

እዚህ ላይ ሌላም ጥያቄ ይከተላል፣ ክሪስታሉ መውጣት የሚጀምረው ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚል፣ ይሄኛውን እኔ በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም ከርቩን በሌላ አቅጣጫ ነው የሚያስነብበው። 20 ግራም በ40 ግራም ውሃ ማለት 50 ግራም በ100 ግራም ውሃ ማለት ነው። እንግዲህ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከጎን ትገቢያለሽ፣ ዋይ አክሲስ ላይ 50 ላይ ጣትሽን አድርገሽ ወደ ቀኝ አግድም ሂጂ፣ ከርቩን ስትነኪ ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ውረጂ፣ 32 ወይ 33 ዲግሪ አካባቢ ያርፋል። ከ60 እስከ እዛ ድረስ ሲቀዘቅዝ ቢከሩ ውስጥ ምንም አይታይም፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፣ እዛች ነጥብ ላይ ከርቩን ይነካል ከዛ በታች ነው ክሪስታል የሚጀምረው። ያንቺ ሳቹሬትድ ሶሉሽን ግን ከመጀመሪያውም ከርቩ ላይ ነው የቆመው፣ ስለዚህ ከ60 ትንሽ ዝቅ እንዳለ ወዲያው ማውጣት ይጀምራል ማለት ነው።

ስለ ንባቡ ራሱ ትንሽ ልበል። የፖታሲየም ናይትሬት ከርቭ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ነው፣ 0 ዲግሪ ላይ 13 አካባቢ ይጀምርና 80 ዲግሪ ላይ 169 ይደርሳል፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ዳገቱ ይብሳል። 60 ዲግሪ አካባቢ አንድ ዲግሪ ብትስቺ ንባብሽ በ2 ግራም ተኩል ገደማ ይዛባል፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ግን በአንድ ግራም ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ስለዚህ ማስመሪያ ተጠቀሚ፣ በዓይን ግምት አይሆንም፣ ደግሞ አንዷ ትንሽ ካሬ ስንት እንደሆነች ከማንበብሽ በፊት ቁጠሪ፣ አንዳንዱ ግራፍ ላይ አንዷ ካሬ 2 ግራም ናት አንዳንዱ ላይ 5። ሁለት የተለያየ ጨው አንድ ግራፍ ላይ ሲሳል ደግሞ መስመሮቹ ይቆራረጣሉ፣ መቆራረጫው ጋ ስትደርሺ ሌላኛውን ጨው ይዘሽ እንዳትሄጂ ጫፍ ላይ ያለውን ስም እያየሽ ተከተይ።

ግን ቁጥርሽ ከመልሱ በጥቂት ከተለየ አትደንግጪ። ለምሳሌ 110ን 112 ብለሽ ብታነቢው ኖሮ መልስሽ 31.2 መሆኑ ቀርቶ 31.7 ይሆን ነበር፣ ግማሽ ግራም ብቻ። 32ን 34 ብለሽ ብታነቢ ደግሞ 30.4 ይመጣል፣ ይሄ ሰፋ ያለ ነው። አየሽ፣ ተመሳሳይ የ2 ግራም ስህተት የታችኛው ንባብ ላይ ሲሆን መልሱን የበለጠ ያዛባዋል፣ ምክንያቱም የላይኛው ቁጥር ሲጨምር የምታካፍይበትም አብሮ ስለሚጨምር በከፊል ይካካሳል። ሰዉ ሁሉ የሚጨነቀው ዳገቱ ጋ ነው፣ እኔ ግን ቀዝቃዛውን ንባብ ሁለቴ እዪው እላለሁ።

አሁን ወደ ላብ ብንሄድ ይሄ 31.2 ሚዛን ላይ ይገኛል ወይ? ትምህርት ቤታችሁ ፖታሲየም ናይትሬትና ሚዛን ካለ መምህሩ ባለበት መሞከር ነው፣ ግን ቁጥሩ ልክ ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል ብለሽ አትደምድሚ፣ ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው።

አንደኛው ትነት ነው። ውሃው አይቀየርም ያልኩሽ ቢከሩ ካልተነነ ብቻ ነው። ሶሉሽኑን ስታሞቂ ከ40 ግራሙ ውሃ ላይ 10 ግራም ተኖ ቢሄድ የቀረው 30 ግራም ነው፣ 30 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9.6 ነው፣ ስለዚህ የሚወጣው 44 ሲቀነስ 9.6፣ 34.4 ግራም ይሆናል። ውሃ ሲቀንስ ክሪስታል ይጨምራል። እሳቱ ላይ አታፍይው፣ 60 ዲግሪ ለመድረስ መፍላት አያስፈልገውም፣ እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ስላለ ደብረ ማርቆስ ላይ ንጹህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሲንተከተክ አይተሽ 100 ደርሷል ብለሽ ከርቩ ላይ 100ን እንዳታነቢ። ቴርሞሜትሩ ነው የሚታመነው።

ሁለተኛው የመጨረሻው ቴምፕሬቸር ነው። ጥያቄው 20 ይላል፣ ክፍሉ ግን 20 ላይሆን ይችላል። ቢከሩን አሳድረሽው ጠዋት ብትመጪ በክረምት ደጋው ላይ 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ በ15 ዲግሪ ከርቩ 26 አካባቢ ነው፣ 40 ግራም ውሃ 10.4 ነው የሚይዘው፣ ክሪስታሉ 33.6 ይሆናል። ስለዚህ ክሪስታሉን ከማጣራትሽ በፊት ቴርሞሜትሩን ሶሉሽኑ ውስጥ ነክረሽ አንብቢና ስሌቱን በዛ ቁጥር ስሪው፣ ጥያቄው ላይ በተጻፈው ሳይሆን።

ሦስተኛው በጣም የሚገርመው ነው፣ አንዳንዴ መውጣት ካለበት ዲግሪ በታች ወርዶም ምንም አይወጣም። ቢከሩ ከርቩ ከሚለው በላይ ጨው ይዞ ጥርት ብሎ ይቀመጣል፣ በተለይ በጣም ንጹህ በሆነ ቢከር ሳይነቃነቅ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ። ይሄ ሱፐርሳቹሬትድ ይባላል። ክሪስታል ለመጀመር መያዣ የሚሆን ነገር ይፈልጋል፣ ያ ሲጠፋ ከልኩ በላይ ተሸክሞ ይቆያል። ማር አይተሽ የለ፣ የጎጃም ማር ተቆርጦ ሲመጣ ፈሳሽ ነው፣ ከዛ ብርድ ሲሆን ይረጋል፣ ጥርስ ላይ ደቀቅ ያለ ነገር ይመጣል፣ ያ ግሉኮስ ነው፣ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስለነበረ ቆይቶ ክሪስታል ሆኖ ወጣ። ቢከሩም ላይ እንደዛው ነው፣ የቢከሩን የውስጥ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ አድርጊው ወይም አንዲት ትንሽ የፖታሲየም ናይትሬት ክሪስታል ጣይበት፣ ወዲያው መርፌ የመሳሰሉ ክሪስታሎች መዘርጋት ይጀምራሉ፣ ቢከሩንም ብትዳስሽው ትንሽ ሞቅ ይላል። የሚሞቀው ይሄ ጨው ሲሟሟ ሙቀት ስለሚወስድ ነው፣ ሲወጣ ያንን ይመልሳል። ስለዚህ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ያኔ ነው ከርቩ ያለው ቁጥር የሚመጣው።

አራተኛው ማጣራቱ ላይ ነው። ከፊልተር ፔፐሩ ላይ ያነሳሽው ክሪስታል እርጥብ ነው፣ እርጥቡ ደግሞ ተራ ውሃ ሳይሆን ያ የቀረው ሳቹሬትድ ሶሉሽን ነው፣ እንዲሁ ብትመዝኚው ከ31.2 ይበልጣል። ላጥበው ብለሽ ደግሞ 10 ግራም የክፍል ሙቀት ውሃ ብታፈሺበት እስከ 3.2 ግራም ክሪስታል ሟሙቶ አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ከጠቅላላው አንድ አስረኛው ማለት ነው! በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ከሆነ ግን ያው 10 ግራም ውሃ ቢበዛ 1.3 ግራም ነው የሚወስደው። ለዚህ ነው ላብ ማንዋል ላይ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ የሚለው። ከዛ አድርቀሽ መዝኚ፣ ክብደቱ በድጋሚ ስትመዝኚው መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። አደራ ይሄ ጨው የሚቃጠል ነገርን በጣም የሚያቀጣጥል ስለሆነ እሳት ላይ፣ ከወረቀት ወይ ከስኳር ጋ አጠገብ ላጠገብ አድርገሽ እንዳታደርቂው፣ አየር ላይ ይበቃዋል።

ሌላ የምትጠነቀቂበት የጨው ዓይነቱን ነው። በምግብ ጨው ብትሠሪው ምን ይመጣል? ከርቩን እዪው፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ነው፣ 20 ዲግሪ ላይ 36፣ 60 ዲግሪ ላይ 37 ነው። 40 ግራም ውሃ ከ60 ወደ 20 ሲቀዘቅዝ የሚወጣው 0.4 ግራም ብቻ ነው፣ ከፖታሲየም ናይትሬቱ 31.2 ጋ አወዳድሪው። ስለዚህ የምግብ ጨውን በማቀዝቀዝ ማውጣት አይቻልም፣ ውሃውን ማትነን ነው። ድሮ ባሶ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይሄድ የነበረው አሞሌ ጨውም ከአፋር የጨው ሜዳ ነው የሚቆረጠው፣ እዛ ጨውን ያስቀረው ብርድ አይደለም፣ ሙቀቱ ውሃውን ስለወሰደው ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ውስጥ ትንሽ የምግብ ጨው ተቀላቅሎ ቢመጣና አጥሪው ብትባዪም መንገዱ ከዚሁ ነው የሚገኘው፣ ሁለቱንም በትኩስ ውሃ አሟሙተሽ ስታቀዘቅዢ ናይትሬቱ ይወርዳል፣ ትንሿ ጨው ግን ውሃው አልሞላባትምና ሟሙታ ትቀራለች።

ኮፐር ሰልፌት ሲመጣ ደግሞ ውሃውን ተከተይ ያልኩሽ ራሱ ማሻሻያ ይፈልጋል። ሰማያዊው ክሪስታል ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፣ ውስጡ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው (CuSO4·5H2O)፣ ከክብደቱ 36 ፐርሰንት ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ እሱ ጋ ውሃው ቋሚ አይደለም፣ ክሪስታል በወጣ ቁጥር ውሃውም ይቀንሳል፣ ዝም ብለሽ ሁለቱን ንባብ ቀንሰሽ ያመጣሽው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። የክሪስታሉን ክብደት ኤክስ ብለሽ ከጨዉ ላይ 0.64 ኤክስ፣ ከውሃው ላይ 0.36 ኤክስ ቀንሰሽ የቀረው ሬሾ ከታችኛው ንባብ ጋ እኩል ነው ብለሽ ነው የሚሠራው፣ ከርቩም ውሃ ለሌለው ኮፐር ሰልፌት የተሳለ መሆኑን አረጋግጪ። ፖታሲየም ናይትሬት ግን ውሃ ይዞ አይወጣምና ያንቺ ጥያቄ ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

መምህሩን ስለመጠየቅ፣ ክፍል ውስጥ ከከበደሽ እረፍት ላይ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂና 84ቱ ውሃ ነው ወይስ ሶሉሽን ብለሽ ጠይቂው፣ ጓደኞችሽንም አብረሽ ውሰጃቸው።

ከዛ በፊት ግን ይቺን ራስሽ ሞክሪያት፦ በ70 ዲግሪ ሳቹሬትድ የሆነ 119 ግራም የፖታሲየም ናይትሬት ሶሉሽን አለ፣ ከርቩ 70 ላይ 138፣ 30 ላይ 46 ነው። ወደ 30 ቢቀዘቅዝ ስንት ይወጣል? ሲሞቅ 10 ግራም ውሃ ተኖ ቢሆንስ? መጀመሪያ ውሃውን አውጪ፣ 50 ግራም ካልመጣልሽ 100ና 138ን መደመር ረስተሻል ማለት ነው። የመጀመሪያው መልስ 46 ግራም ነው፣ ከርቩ ላይ 30 ዲግሪ ጋ ካለው 46 ጋ መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ነውና ከርቩን ብቻ አይተሽ እንዳትጽፊው፣ የሁለተኛው 50.6 ነው።